የኦቫሪ ሲስት በአልትራሳውንድ፦ ውሃ ብቻ የያዘውን ከውስብስቡ የመለያ መመሪያ

ጥቅምት 25 ቀን ጠዋት አንዲት የ31 ዓመት ሴት ፒያሳ አካባቢ ወደምሠራበት የምርመራ ክፍል መጣች። በእጇ የያዘችው ወረቀት ከሁለት ቀን በፊት ሌላ ቦታ የተሠራ የአልትራሳውንድ ውጤት ነበር። «በቀኝ ኦቫሪ ላይ ጠጣር ክፍል ያለው ውስብስብ ሲስት» ይላል፤ መጠኑ ተጽፏል፣ ሌላ ምንም የለም። ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላገኘች ዓይኗ ይናገራል። «ዶክተር፣ ካንሰር ነው አይደል?» ስትል ጠየቀችኝ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው አልትራሳውንድ መሥራት ለጀመሩ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ነው፤ ውጤታቸውን ማንበብ የሚፈልጉ ሴቶችም ቢከታተሉት ይገባቸዋል። «ውስብስብ» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። በቅርቡ ደም የፈሰሰበትና በራሱ የሚጠፋ ሲስትም፣ በእርግጥ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው እጢም በዚያ አንድ ቃል ሊጠሩ ይችላሉ። የእኛ ሥራ ውስጡ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አጣርቶ መጻፍ ነው። እንዴት እንደሚጣራ የዚህችን ሴት ምርመራ ደረጃ በደረጃ እየተከተልን እንየው።

አንደኛ፦ ፕሮቡን ከማንሳት በፊት ቀኑን መቁጠር

መጀመሪያ የምጠይቀው የመጨረሻው የወር አበባ የጀመረበትን ቀን ነው። ኦቫሪ በየወሩ መልኩን የሚቀይር አካል ስለሆነ፣ በዑደቱ 7ኛ ቀን ያየነውና በ23ኛው ቀን ያየነው አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ከእንቁላል መውጣት በኋላ የሚቀረው ቢጫ አካል ውስጡ ደም ሊቋጥር፣ ግድግዳው ሊወፍርና ዙሪያውን በደም ሥር ሊከበብ ይችላል። ይህ ሁሉ ጤናማ ነው።

ሴቶቻችን ቀኑን የሚናገሩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ማሽኑ ደግሞ የፈረንጆቹን ይጠይቃል። በጥድፊያ ሲቀየር አንድ ሳምንት ሲዛነፍ አይቻለሁ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ቀን ከመሙላት ይልቅ፣ ዛሬ የዑደቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ በእጅ ቆጥሬ ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። የእኛዋ ሴት ጥቅምት 3 ቀን ነው የጀመራት፤ የጀመረበት ዕለት አንድ ተብሎ ሲቆጠር 23ኛ ቀኗ ላይ ናት። ሕመሙ ከአራት ቀን በፊት በድንገት በቀኝ በኩል ጀመራት፤ አሁን ግን ቀንሷል። የሽንት የእርግዝና ምርመራዋ ነጻ ነው። ይህ ምርመራ መዘለል የለበትም፤ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝናም በዚያው ስፍራ ሲስት ሊመስል ይችላልና።

ሕመሙ እየበረታ የሚሄድና ከማስታወክ ጋር የመጣ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ይሆን ነበር። ሲስት ያለበት ኦቫሪ በራሱ ላይ ሊጠማዘዝ ይችላል፤ የሲስቱ ውስጥ ንጹህ መሆንም ከዚህ አያድንም። የደም ፍሰትን በቀለም በሚያሳየው ዶፕለር ላይ ደም ሲፈስ መታየቱም መጠማዘዝ የለም ለማለት አያበቃም። እንዲህ ያለች ሴት የዚያኑ ዕለት ወደ ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለች።

ሁለተኛ፦ በሞላ ፊኛ፣ ከዚያም በባዶ

በሆድ በኩል የሚደረገው ምርመራ የሞላ የሽንት ፊኛ ይፈልጋል። ፊኛው አንጀትን ገፍቶ ለድምፅ ሞገዱ መስኮት ይከፍታል፤ በኋላ እንደምታዩት ሌላ ትልቅ ጥቅምም አለው። በሆድ በኩል ስንሠራ መላውን ዳሌ እናያለን። ትልቅ ሲስት ወደ ላይ ወጥቶ እምብርት አጠገብ ሊቀመጥ ስለሚችል ይህን ዙር ዘልሎ በቀጥታ በብልት በኩል መጀመር ያሳስታል።

ከዚያ ሴትየዋ ሽንቷን ሸንታ ትመለሳለች። ይህች አጭር ጉዞ ራሷ አንድ ምርመራ ናት፦ መሃል ላይ ያለ ትልቅ ጥቁር ነገር ፊኛ ከሆነ ይጠፋል፣ ሲስት ከሆነ ይቀራል። ሲስትን ፊኛ ብሎ ማለፍ የጀማሪ ስህተት ብቻ አይደለም።

በብልት በኩል የሚደረገው ምርመራ ፕሮቡን ወደ ኦቫሪው ስለሚያቀርብ ከፍ ያለ ድግግሞሽ መጠቀም ያስችላል፤ ሦስትና አራት ሚሊ ሜትር የሆነች ነገር የምትታየው በዚህ ነው። ፈቃድ ግን ለብቻው ይጠየቃል። በእኛ አገር ያላገባች ሴት ሁሉ ግንኙነት አልጀመረችም፣ ያገባች ሁሉም ፈቃደኛ ናት ብሎ መገመት ስህተት ነው። እኔ ሴት ረዳት ባለችበት «እህቴ፣ ይህ ምርመራ በብልት በኩል የሚደረግ ነው፤ ከዚህ በፊት ተደርጎልሽ ያውቃል? ካልፈለግሽ በሆድ በኩል ባየነው እንወስናለን» እላለሁ። ግንኙነት ላልጀመረች ሴት አይደረግም። በሆድ በኩል ብቻ ተሠርቶ ከሆነ ያው በውጤቱ ላይ ይጻፍ፤ ትንንሽ ነገሮች ሳይታዩ ሊቀሩ እንደሚችሉ አንባቢው ሐኪም ማወቅ አለበት።

ሦስተኛ፦ ሲስቱ በእርግጥ የኦቫሪው ነው?

በሲስቱ ጠርዝ ላይ እንደ ጨረቃ ቅርጽ የተጫነ የኦቫሪ ሥጋ፣ በውስጡም ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች ከታዩ ሲስቱ ከኦቫሪው የወጣ ነው። ካልታዩ በአንድ እጅ ሆዱን ከላይ፣ በሌላው ፕሮቡን ከታች ቀስ አድርጎ መግፋት ነው። ሲስቱና ኦቫሪው ተለያይተው ከተንሸራተቱ ሲስቱ የጎረቤት ነው። እንደ ቱቦ የረዘመና የታጠፈ ከሆነ ፈሳሽ የሞላበት የማህፀን ቱቦ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ጉዳይ ስለ ግድግዳ ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

በእኛዋ ሴት የኦቫሪው ጨረቃ በግልጽ ይታያል። ሲስቱ በሦስት አቅጣጫ ሲለካ 58፣ 49 እና 52 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስቱን አባዝተን በ0.52 ስንመታው 77 ሚሊ ሊትር ገደማ ይሆናል።

አራተኛ፦ ጥቁረቱን በፊኛው መመዘን

ብዙው ስህተት የሚሠራው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ቀላል ሲስት የሚባለው ውስጡ ሙሉ በሙሉ ጥቁር፣ ግድግዳው ቀጭንና ልሙጥ፣ ከኋላው ያለው ሥጋ ከአካባቢው ደምቆ የሚታይ፣ ክፍልፋይም ጠጣር ነገርም የሌለው ነው። ከኋላው የሚታየው ድምቀት የሚመጣው ፈሳሽ የድምፅ ሞገድን ስለማያዳክም ነው። ትርጉሙ ቀላል ቢሆንም «ሙሉ በሙሉ ጥቁር» የሚለው ነገር በማሽኑ አስተካከል ላይ የተመሠረተ ነው። የምስሉን ድምቀት የሚወስነው የ`Gain` ቁልፍ ከልክ በላይ ከፍ ሲል ንጹህ ውሃም ግራጫ ይሆናል፤ ከልክ በላይ ዝቅ ሲል ደግሞ ወፍራም ደም ያለበት ሲስት ንጹህ መስሎ ይታያል። የክፍሉ መብራት ደማቅ ሲሆንና ስክሪኑ ሲያረጅ ችግሩ ይብሳል።

ታዲያ እውነተኛውን ጥቁር እንዴት እናውቃለን? ምስክሩ አጠገባችን ነው፦ ፊኛው። ሽንት ንጹህ ፈሳሽ ስለሆነ ጥቁር ሆኖ መታየት አለበት። ሲስቱንና ፊኛውን በተቻለ መጠን በተቀራራቢ ጥልቀት በአንድ ምስል አምጧቸውና አወዳድሩ። ፊኛውም ሲስቱም ግራጫ ከሆኑ ጥፋቱ የማሽኑ አስተካከል ነው፤ `Gain` ይቀነስ። ፊኛው ጥቁር ሆኖ ሲስቱ ብቻ ግራጫ ከሆነ በሲስቱ ውስጥ በእርግጥ የሆነ ነገር አለ። አሁን ተቃራኒውን ሞክሩ፦ ሲስቱ ንጹህ መስሎ ከታያችሁ ፊኛው ውስጥ ጥቂት ጭጋግ እስኪታይ ድረስ `Gain` ጨምሩ። ሲስቱ ከፊኛው ቀድሞ ደመና ከለበሰ ንጹህ ውሃ አይደለም። የማህፀን ሽፋን ወደ ኦቫሪ ሄዶ የሚፈጥረው፣ የቆየ ደም የያዘው ሲስት ብዙ ጊዜ የሚያመልጠን ይህችን ሙከራ ስለምንዘላት ነው። እሱ እንደ ተፈጨ መስታወት ወጥ የሆነ ግራጫነት አለው። በብልት በኩል ስትሠሩም ፊኛው ውስጥ ጥቂት ሽንት ስለማይጠፋ ምስክሩ አይለያችሁም።

የሐሰት ጭጋግ ሌላም ምንጭ አለው። በሲስቱ የፊት ግድግዳ በኩል፣ ማለትም ወደ ፕሮቡ በሚቀርበው ጎን፣ የሚታዩ ትይዩ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ የድምፅ ሞገዱ በሆድ ግድግዳ ውስጥ ተመላልሶ የፈጠራቸው ናቸው። ፕሮቡን ዘንበል ስታደርጉ ወይም ከሌላ አቅጣጫ ስትመጡ የሐሰቱ ቦታውን ይቀይራል ወይም ይጠፋል፤ እውነተኛው ከሲስቱ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ከሁለት አቅጣጫ ያልታየ ነገር እንዳለ አይጻፍ።

የእኛዋ ሴት ፊኛ ጥቁር ነው፤ ሲስቷ ግን አይደለም። እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ መስመሮች በውስጡ ተጠላልፈዋል፤ የኋላው ግድግዳ ላይ ደግሞ 24 ሚሊ ሜትር የሆነ ደመቅ ያለ እብጠት ተቀምጧል። «ጠጣር ክፍል» የተባለው ይህ ነው።

አምስተኛ፦ መስመር ሁሉ ግድግዳ አይደለም

ክፍልፋይ ግድግዳ ብለን የምንጽፈው ከአንዱ የሲስት ግድግዳ ተነስቶ እስከ ሌላኛው ያለማቋረጥ የሚደርስን የሥጋ ወረቀት ነው። ስለዚህ መስመር ስታዩ ጫፉን ያዙና ፕሮቡን ቀስ እያደረጋችሁ እስከ መጨረሻው ተከተሉት፤ ከዚያ ፕሮቡን 90 ዲግሪ አዙራችሁ ድገሙት። መሃል ላይ የሚቋረጥ ከሆነ ሲስቱ አሁንም ባለ አንድ ክፍል ነው። ያልተሟላ ግድግዳ ሲታይና ቅርጹ የረዘመ ሲሆን ቅድም ያልኩት ፈሳሽ የሞላበት ቱቦ ትዝ ሊለን ይገባል፤ የታጠፈው የቱቦው ግድግዳ በአንድ አቅጣጫ ሲቆረጥ ክፍልፋይ ይመስላል።

እውነተኛ ግድግዳ ሲሆን በጣም ወፍራም በሆነበት ቦታ ይለካል፤ ልሙጥ ወይም ሸካራ መሆኑም ይጻፋል። ቀጭንና ልሙጥ ግድግዳ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። የሚያሳስበው ሸካራነቱ፣ መወፈሩና በላዩ ላይ የበቀለ ነገር መኖሩ ነው።

በዚህች ሴት ያለው ድር ግን ግድግዳ አይደለም። መስመሮቹ ከፀጉር የቀጠኑ፣ ብዙና የተቆራረጡ ናቸው፤ አንዳቸውም ከዳር እስከ ዳር አይደርሱም። ደም ሲረጋ የሚሠራው የፋይብሪን ክር ይህን ይመስላል።

ስድስተኛ፦ እብጠቱ ሥጋ ነው ወይስ የረጋ ደም?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የሴትዮዋ ዕጣ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ወይም ወደ ቤቷ የሚያመራው እዚህ ላይ ነውና ሦስት ነገሮችን በቅደም ተከተል አያለሁ።

መጀመሪያ ቅርጹን። የረጋ ደም ሲጠወልግ ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ ጠርዙ ጎድጎድ ያለ ወይም እንደ ተቀደደ ጨርቅ ማዕዘን ያለው ይሆናል። ከግድግዳው የበቀለ ሥጋ ግን ወደ ሲስቱ ባዶ ቦታ ጎብጦ ይወጣል። ከግድግዳው ተነስቶ 3 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የቆመ ጉብታ ችላ አይባልም። ከዚያ ያነሰውን እንደ ግድግዳ መዛነፍ እንቆጥረዋለን።

ቀጥሎ እንቅስቃሴውን። በፕሮቡ አጭርና ለስላሳ ግፊት ስጡት፤ ደሙ እንደ ጄሊ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ሴትየዋ ወደ ጎን ትተኛና ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ እንደገና እዩ። ቦታውን ከቀየረ የረጋ ደም ወይም ዝቃጭ ነው። ባይንቀሳቀስ ግን ሥጋ ነው ማለት አይደለም፤ ደም ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ሊረጋ ይችላል።

በመጨረሻ ዶፕለሩን። በእብጠቱ ውስጥ ደም የሚፈስበት ሥር ከታየ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው፤ የረጋ ደም የደም ሥር የለውም። ነገር ግን «ፍሰት የለም» የሚለው መልስ የሚታመነው ዶፕለሩ ዘገምተኛ ፍሰትን እንዲያይ ከተስተካከለ ብቻ ነው። ዶፕለሩ የሚያየውን የፍጥነት ክልል የሚወስነው የ`PRF` ልኬት ዝቅ ይበል፣ የቀለሙ ሳጥን ይጥበብ። ልኬቱ እንደ ደም ፍጥነት ሲነበብ በሰከንድ ከ3 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ያለው ተስማሚ ነው። የቀለሙን `Gain` ነጠብጣብ እስኪበተን ከፍ አድርጉና ነጠብጣቡ ልክ ሲጠፋ አቁሙ። ከዚያ እብጠቱን ከመፍረዳችሁ በፊት ሳጥኑን በዚያው ኦቫሪ ሥጋ ላይ አድርጉ። እዚያ ቀለም ካልታየ ማሽኑ ዛሬ ዘገምተኛ ደም ማየት አልቻለም ማለት ነው፤ በእብጠቱ ውስጥ አለመታየቱም ምንም አያረጋግጥም። በተቃራኒው ሴትየዋ ስትተነፍስ ወይም አንጀት ሲንቀሳቀስ የሚብለጨለጭ ቀለም ፍሰት አይደለም። እውነተኛ ሥር በአንድ ቦታ እየተመላለሰ ከልብ ምት ጋር ይመታል።

በእኛዋ ሴት በሲስቱ ዙሪያ የቀለም ቀለበት አለ፤ ስለዚህ ዶፕለሩ ይሠራል። በእብጠቱና በድሩ ውስጥ ግን ምንም የለም። የእብጠቱ ጠርዝ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው፤ ስንገፋው ተንቀጠቀጠ። ከማህፀኗ ኋላ ጥቂት ፈሳሽ አለ፣ ሆዷ ውስጥ ሌላ ፈሳሽ የለም። ሁሉም ወደ አንድ ነገር ያመለክታል፦ ደም የፈሰሰበት የቢጫ አካል ሲስት።

ይህ ድምዳሜ የወር አበባ ለምታይ ሴት ነው። ከማረጥ ዓመታት በኋላ እንቁላል ስለማይወጣ እንዲህ ያለ ደም የፈሰሰበት ሲስት አይጠበቅም፤ ያንኑ ምስል በ60 ዓመት ሴት ካየን ደም ነው ብለን አናልፍም፣ ወደ ስፔሻሊስት እንልካለን።

በዚያው ሰሞን የመጡ አንዲት የ56 ዓመት እናት ለዚህ ሌላኛው ገጽ ናቸው። በሆድ በኩል ሲታዩ ስድስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ጥቁርና ያማረ ሲስት ነበራቸው። «እናቴ፣ በሌላኛው በኩልም ልይዎት» ብዬ በፈቃዳቸው ስሠራ በጎን ግድግዳው ላይ 8 ሚሊ ሜትር የሆነች ክብ ጉብታ ወጣች፤ በውስጧም አንድ የሚመታ የደም ሥር ነበር። ሲስቱ «ቀላል» ከሚለው ስም የወጣው በዚህች አንዲት ጉብታ ነው። በዓለም አቀፉ የኦ-ራድስ ምደባ ንጹህ ቀላል ሲስት አደገኛ የመሆን ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከአንድ እስከ ሦስት ጉብታ ያለው ከ10 እስከ 50 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይመደባል። አራትና ከዚያ በላይ ጉብታ ካለ ከዚያም ይበልጣል። በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወዳለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ ወደ ማህፀን ካንሰር ሐኪሞች ተላኩ። እንዲህ ያለውን ሲስት በመርፌ ቀድቶ መመርመር አይገባም፤ አደገኛ ከሆነ ይዘቱ ወደ ሆድ ይፈስሳል። ምንነቱ የሚወሰነው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በፓቶሎጂ ሲታይ ነው፤ አልትራሳውንድ ጥርጣሬን ይመዝናል እንጂ ካንሰር ብሎ አይፈርድም።

ሰባተኛ፦ ውጤቱን መጻፍ

«ውስብስብ ሲስት» ብላችሁ አትተዉት። የትኛው ኦቫሪ፣ ሦስቱ ልኬቶች፣ የዑደቱ ቀን፣ በየትኛው መንገድ እንደታየ፣ የፈሳሹ መልክ፣ ሙሉ ክፍልፋይ ግድግዳ መኖር አለመኖሩ፣ ጉብታ ካለ ቁጥሩና ቁመቱ፣ በውስጡ ፍሰት መኖር አለመኖሩ፣ በሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖር አለመኖሩ ይጻፍ። ይህን ያነበበ ሐኪም ምስሉን ሳያይ መወሰን ይችላል።

ቀላል ሲስት ከሆነ መጠኑ ይወስናል። የወር አበባ በምታይ ሴት እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ያለው የወሩ እንቁላል ከረጢት ነው፤ ሲስት የሚል ስም ሰጥተን አናስደንግጣት። እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያለውም ክትትል አያስፈልገውም። ከ5 እስከ 7 ያለው በዓመት ይታያል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የማህፀን ሐኪም ይወስን። ባረጠች ሴት ግን ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ንጹህም ቢሆን ክትትል ውስጥ ይገባል።

ለእኛዋ ሴት የጻፍኩት ይህ ነው፦ «በዑደቱ 23ኛ ቀን፣ በሆድና በብልት በኩል የታየ። ቀኝ ኦቫሪ ላይ 58 በ49 በ52 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አንድ ክፍል ሲስት፤ በውስጡ የፋይብሪን ድርና ወደ ውስጥ የሸሸ 24 ሚሊ ሜትር የረጋ ደም። ሙሉ ክፍልፋይ የለም፣ ከግድግዳ የወጣ ጉብታ የለም፣ በውስጡ ፍሰት የለም። ደም የፈሰሰበት የቢጫ አካል ሲስት ይመስላል። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ፣ የወር አበባ በጀመረ ከ5ኛ እስከ 10ኛ ቀን ባለው ጊዜ ይደገም።»

ይህ የመጨረሻው ሐረግ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ክትትሉ በዑደቱ መጨረሻ ላይ ከዋለ አዲስ የቢጫ አካል ተፈጥሮ ይጠብቀንና አሮጌው አልጠፋም ብለን እንሳሳታለን። ዑደቷ የ28 ቀን ስለሆነ አብረን ቆጠርን፦ ኅዳር 1፣ ኅዳር 29፣ ታኅሣሥ 27። ከገና በኋላ ጥር 3 ቀን፣ በ7ኛው ቀኗ እንድትመጣ ተስማማን፤ ሕመሙ ቢብስ ወይም ማስታወክ ቢመጣ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድትሄድ ነገርኳት።

ጥር 3 መጣች። ቀኝ ኦቫሪዋ 33 በ19 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በላዩ ላይ ከ10 ሚሊ ሜትር የማይበልጡ አምስት የእንቁላል ከረጢቶች ብቻ ይታያሉ። ድሩም እብጠቱም የሉም።